«አብሽሩ» ከማለቴ በፊት፦ የ6 ሳምንት ማስታወሻ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የነርስነት ሙያ ጓደኞቼ። የምሠራው እዚሁ ወሎ፣ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ከ6 ሳምንት በፊት አንድ ልምምድ ጀምሬ ነበር፤ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ከተጨነቀ ወይም ዝም ካለ ታካሚ ጋር ካወራሁ በኋላ፣ ተረኝነቴ ሳያልቅ ንግግሩን እጽፈዋለሁ። ታካሚው ያለውን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ያኔ የተሰማኝን፣ ከዚያ የሆነውን። ስምም የአልጋ ቁጥርም አልጽፍም። ትምህርት ቤት እያለን ለፈተና የሠራነው ነገር ነው፤ ለራስ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት 7 ንግግር ጻፍኩ። በ5ቱ ውስጥ «አብሽሩ» ወይም «አይዞዎት» ብያለሁ። እዚህ አገር «አብሽር» የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ቃል ነው፤ ከልብ ነው የምንለው። ማስታወሻዬን ደግሜ ሳነብ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከ«አብሽሩ» በኋላ ታካሚው የሚለው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እሺ»። ከዚያ ዝም። አሁን ያቺን «እሺ» እንደ ምልክት ነው የማያት። ስትመጣ፣ እኔ በር ዘግቻለሁ ማለት ነው።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከገጠር ለእንቅርት ኦፕራሲዮን በመጡ አንዲት እናት ነው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ። ምግብ አይነኩም። የመጀመሪያ ቀን ንግግራችን እንዲህ ነበር፦

«እናቴ፣ ለምን ምሳ አልበሉም?»
«አልራበኝም።»
«እንዲህማ አይሆንም፣ ካልበሉ አቅም ያጣሉ። አብሽሩ፣ እንቅርት ቀላል ነገር ነው። ስንቱ ወጥቶለት ሄዷል!»
«እሺ።»

በ4 መስመር ውስጥ 4 ስህተት ሠርቻለሁ። «ለምን» ብዬ አስፈራሁ፤ በእኛ አፍ «ለምን አልበሉም» ጥያቄ ሳይሆን ወቀሳ ነው የሚመስለው። ለስለስ ያለው «ምነው ዝም አሉ?» እንኳ ያው ማብራሪያ መጠየቅ ነው። ቀጥዬ ገሠጽኩ። ከዚያ ፍርሃታቸው ምን እንደሆነ ሳልሰማ አረጋጋሁ። በመጨረሻም ከሌላ ሰው ጋር አወዳደርኳቸው። በማስታወሻዬ «ያኔ የተሰማኝ» በሚለው ቦታ የጻፍኩት «ቸኩያለሁ» የሚል ነው። እውነቱን ስናገር፣ «አብሽሩ» ያልኩት የእኔን ጭንቀት ለማስታገስ ነበር።

በማግስቱ ከወሬው በፊት ሌላ ነገር አጣራሁ። የእንቅርት ታካሚ ሲጨነቅ ሁሉም ነገር የስሜት ጉዳይ አይደለም። የእንቅርቱ ሆርሞን ከበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ይህን «ፈርተው ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው፤ ሆርሞኑ ሳይስተካከል ኦፕራሲዮን አይገባም። የልብ ምታቸው 84 ነበር። እጃቸውን አስዘርግቼ አየሁ፣ አይንቀጠቀጥም። የሆርሞን ውጤታቸውም ደህና ነው። እንግዲህ መስማት ይቀረኛል።

አስታማሚያቸው ልጃቸው ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን እሳቸው ሲጠየቁ የሚመልሰው እሱ ነው። ሻይ ጠጥቶ እንዲመጣ ነገርኩት። ወንበር ስቤ ዓይኔ ከዓይናቸው ትይዩ እንዲሆን ተቀመጥኩ። እንዲህ አልኩ፦ «እናቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ወደ ግድግዳው ዞረው አየሁዎት። 10 ደቂቃ አጠገብዎ ልቀመጥ። ካልፈለጉ ምንም አይናገሩ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ይህ ነው የከበደኝ። ሰዓቴን ሳላይ በሆዴ እስትንፋስ እቆጥር ነበር። ምናልባት 2 ደቂቃ ይሆናል። ከነጠላው ሥር «ያርዱኛል አሉ» የሚል ድምፅ መጣ።

አፌ ላይ «ኧረ ማን እንዲህ አለዎት!» የሚል ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የራሳቸውን ቃል ብቻ መለስኩላቸው፦ «ያርዱኛል...»

«አዎ፣ ጎረቤቴ ናት ያለችኝ። አንገት ተቆርጦ ድምፅ አይተርፍም አለችኝ። እኔ ልጅ የማሳድገው በድምፄ ነው፣ ገበያ ላይ ጠርቼ ነው የምሸጠው።»

«አንገትዎ ሲነካ ድምፄ ይጠፋል ብለው ነው የፈሩት።»

«እሱን ነው!» አሉና ነጠላውን ከፊታቸው ገፉት።

አስቡት፤ እኔ ምግብ ላይ ስጨቃጨቅ እሳቸው ድምፃቸውን እየቀበሩ ነበር። ፍርሃታቸው ደግሞ መሠረት አለው። የድምፅ ነርቭ ከእንቅርቱ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ሊጎዳ ይችላል፤ ሳይጎዳም ድምፅ ለጥቂት ቀን ሊሻክር ይችላል። ስለዚህ «ምንም አይሆንም» ብል ዋሽቻለሁ። ያልኩት ይህን ነው፦ «የጠየቁት ትልቅ ጥያቄ ነው። ድምፅ ለጊዜው ሊሻክር ይችላል፣ በአብዛኛው ይመለሳል። የእርስዎን በትክክል የሚያውቀው የሚሠራልዎት ሐኪም ነው። ዛሬ ከሰዓት ጠርቼው አብረን እንጠይቀዋለን።» ከሰዓት መጣ፣ በሥዕል አሳያቸው። ማታ ግማሽ እንጀራ በሉ።

በኦፕራሲዮኑ ጠዋት ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ስትሬቸር ሲመጣ ትንፋሻቸው ፈጠነ፣ የአልጋውን ብረት ያዙ። እኔ ትናንት በሠራልኝ መንገድ «ምን እየተሰማዎት ነው? ይንገሩኝ» አልኩ። አዩኝ እንጂ አልሰሙኝም። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ጭንቀትን በ4 ደረጃ ከፍላዋለች፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ ከዚያ ድንጋጤ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰው ይሰማል፣ ያስባል፣ ክፍት ጥያቄ ይጠቅመዋል። ከባድ ላይ ሲደርስ ግን ጆሮው ይጠባል። ያኔ ክፍት ጥያቄ ራሱ ሸክም ነው። ቶሎ ቀየርኩ፦ «አጠገብዎ ነኝ። እጄን ይያዙ። በአፍዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። እንደገና።» አጭር፣ አንድ በአንድ፣ በዝግታ። ወደ 5 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ትከሻቸው ሲወርድ «አብሽሩ እናቴ» አልኩ። ያቺ «አብሽሩ» በሯን አልዘጋችም፤ የፈሩትን ከሰማሁ በኋላ ስለመጣች ይመስለኛል። እሳቸውም «እሺ» አላሉም፤ «ዱዓ አድርጊልኝ» አሉኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። ግን አልደነገጡም፤ «ያ ያላችሁት ነው አይደል?» አሉ በጎርናና ድምፅ።

ስለ ሃይማኖት አንድ ነገር ልጨምር። «ለአላህ ይስጡት»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚሉት ነገሮች ከእኔ ቀድመው ሲወጡ ወሬ ይዘጋሉ። ታካሚው ራሱ ሲያነሳው ግን ማምለጫ አይደለም፤ እዚያው ላይ አብሬው እቆያለሁ።

አሁንም ያልቻልኩት አለ። ክፍሉ 8 አልጋ ሲኖረው፣ ተረኛዋ እኔ ብቻ ስሆን፣ 10 ደቂቃ የለኝም። ያኔ 3 ደቂቃ እላለሁ፣ 3 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ዝም ለሚል ሰው ቃል ተገብቶ ያልተፈጸመ 10 ደቂቃ ከተፈጸመ 3 ደቂቃ ይከፋል።

በዚህ ሳምንት እግሩ የተሰበረ አንድ ወጣት አለ። 4 ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ አንድ ቃል አልተናገረም። እንቅልፉንና ምግቡን እየመዘገብኩ ነው፤ ዝምታው ድብርት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙም ተናግሬያለሁ። ትናንት ልነሳ ስል «ነገም ትመጫለሽ?» አለኝ። «ነገ እረፍቴ ነው። ከነገ ወዲያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አልኩት።