ውሉ ያበቃው ሰኔ 30፣ ክፍያው የተፈጸመው ሐምሌ 27

በ2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ሐይቅ ላይ የእንቦጭ አረም በሚያስወግድ አንድ ፕሮጀክት የሰው ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ለአንድ ዓመት የተቀጠሩ አንድ የሞተር ጀልባ አንቀሳቃሽ ውላቸው ሲያበቃ እንደማይታደስ የሚገልጸውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ሁለት ገጽ አይሞላም፤ በእሱ ምክንያት ግን ልጆች የሚያሳድጉ ሰው ያገኙትን ገንዘብ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የተቀበሉት። ያኔ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው ይህን የምጽፈው።

የደብዳቤው የመጀመሪያ ክፍል አላስቸገረኝም። ውሉ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. የተደረገ መሆኑን፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 24 መሠረት ዘመኑ ሲያበቃ ውሉ እንደሚቋረጥ፣ ድርጅቱም እንደማያድሰው ጻፍኩ። «ተሰናብተዋል» የሚለውን ቃል ግን ሆን ብዬ አልተጠቀምኩበትም፤ ቃሉ ጥፋት ያለበት ስለሚያስመስል፣ ሰውየው ደብዳቤውን ይዘው ሌላ ሥራ ሲጠይቁ ይጎዳቸዋል።

የሒሳቡም ክፍል ቀላል ነበር። ደመወዛቸው 9,100 ብር ሲሆን፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከሚሰጠው የ16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ውስጥ ስድስቱን ወስደው ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ስለምንሠራ ወሩን በ26 ቀናት አካፍለን የቀኑን 350 ብር አገኘን፤ ያልተወሰደው የአሥር ቀን ፈቃድ 3,500 ብር ሆነ። ከሰኔ ደመወዝ ጋር ሲደመር፣ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ፣ 12,600 ብር ይደርሳል። የሥራ ስንብት ክፍያ አልጨመርንም፤ የተወሰነ ጊዜ ውል ዘመኑ በማብቃቱ ብቻ ሲቋረጥ አዋጁ እንዲህ ያለ ክፍያ አያዝም።

ያበላሸሁት ክሊራንሱን የሚመለከተውን ክፍል ነው። ከቀድሞ ደብዳቤዎች ገልብጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከስድስቱ የሥራ ክፍሎች ክሊራንስ አጠናቅቀው እስኪያቀርቡ ድረስ ማንኛውም ክፍያ የማይፈጸም መሆኑን እናሳስባለን።» ደብዳቤውን የሰጠኋቸውም ሰኔ 28 ቀን፣ ውሉ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። የቅርብ አለቃዬ «ለተወሰነ ጊዜ ውል ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም» ብሎኝ ነበር፤ በሕጉ ትክክል ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ግዴታ አለመሆኑ፣ ንብረት ለመመለስ ጊዜ አያስፈልግም ማለት እንዳልሆነ አላሰብኩም።

አምስቱ ክፍሎች በአንድ ቀን ፈረሙ። የቀረው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ነበር። በሰውየው ስም ወጪ የሆኑት አንድ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር፣ ስምንት የሕይወት አድን ጃኬቶችና አንድ የመፍቻ ሣጥን ነበሩ። እሳቸው ሁሉንም በሰኔ አጋማሽ፣ ክረምቱ ሲገባና ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ ጎርጎራ ላለው የጣቢያ ጥበቃችን አስረክበዋል። ጥበቃው ግን ገቢ ደረሰኝ የመቁረጥ ሥልጣን የለውም፤ የተቀበለውም በቃል ነው። ባሕር ዳር ያለው የግምጃ ቤት ኃላፊ «ገቢ ደረሰኝ ካላየሁ አልፈርምም» አለ። በእሱ አልፈርድም። የምፈርደው ጎርጎራ ላይ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ሳንመድብ ዓመት ሙሉ በሠራነው በእኛና ይህን እያወቅሁ ዝም ባልኩት በራሴ ነው።

በአንቀጽ 36 መሠረት ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች ውሉ ከተቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው። ሐምሌ 2 ዓረፋ ስለነበረና እሑድን ስለማንሠራ ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ ሐምሌ 9 ላይ ዋለ። ቀኑን በማስታወሻዬ ላይ ከብቤዋለሁ፤ ሆኖም ያ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ውስጥ ስላለ የሚጠብቀን መሰለኝ። አንቀጹ ጊዜው እንዲራዘም የሚፈቅደው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳይመልስ ሲዘገይ ነው። እሳቸው መልሰዋል፤ ያልመዘገብነው እኛ ነን።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የፋይናንስ ኃላፊው «እሳቸው ራሳቸው ሄደው ሞተሩን በጀልባ ያምጡልን» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ እኔም ለሐምሌ 4 እና 5 የውሎ አበል ትእዛዝ ጽፌ ፈረምኩ። ውላቸው ያበቃን ሰው በድርጅቱ ጀልባ፣ በድርጅቱ ትእዛዝ፣ በክረምት ሐይቅ ላይ አሠማራሁ። ሞተሩና ጃኬቶቹ መጡ፤ የመፍቻ ሣጥኑ ግን ስላልተገኘ ፊርማው እንደገና ቀረ።

ሐምሌ 18 ቀን ወደ ቢሮዬ መጥተው «እታለም፣ እኔ ሣጥን አልበላሁም፤ ደመወዜን ከልክለሽ የሥራ ልምዴንም ያዝሽብኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ለሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመለከቱ።

አቤቱታውን የተቀበሉት ባለሙያ ደብዳቤዬን አንብበው ሲጨርሱ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሣጥኑ ሳይሆን ስለ ውሎ አበሉ ነበር። «ሐምሌ 4 እና 5 በየትኛው ውል ነው የሠሩት?» አሉኝ። አዋጁ ውልን በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ አድርጎ ስለሚገምት፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ማሠራት ውሉ ቀጥሏል ለሚል ክርክር በር ይከፍታል፤ ያንን በር ደግሞ በገዛ ፊርማዬ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ቀጥለው በአንቀጽ 37 መሠረት ክርክር የሌለበት ገንዘብ በጊዜው መከፈል እንዳለበት፣ በአንቀጽ 38 ደግሞ ፍርድ ቤት ለዘገየ ክፍያ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊወስን እንደሚችል አስረዱኝ። በእኛ ጉዳይ ይህ እስከ 27,300 ብር ነው። ለአንድ የመፍቻ ሣጥን!

ሰውየው የፈለጉት ክርክር ሳይሆን ገንዘባቸውን ነበር። ሐምሌ 27 ቀን ሙሉው ክፍያ ተፈጸመ፤ የሁለቱ ቀን አበልም ተከፈላቸው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃቸውንም በእጄ ሰጠኋቸው። ሣጥኑ በነሐሴ ጎርጎራ፣ የጥበቃው ቤት ውስጥ፣ ከነዳጅ ጀሪካኖች ሥር ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ አጻጻፌን ቀይሬያለሁ። ደብዳቤውን ውሉ ከማብቃቱ 30 ቀን አስቀድሜ እሰጣለሁ፤ ግዴታ አይደለም የሚለኝ ሁሉ ትክክል ቢሆንም አልሰማውም። ከደብዳቤው ጋር በሠራተኛው ስም ወጪ የሆኑትን ንብረቶች ዝርዝር አያይዛለሁ፤ ከእያንዳንዱ ንብረት ትይዩ የሚረከበው ሰው፣ ቦታውና የመጨረሻው ቀን ይጻፋል። ርክክቡ ከመጨረሻው የሥራ ቀን አሥር ቀን በፊት ማለቅ አለበት፤ ጎርጎራ ላለ ንብረት ደረሰኝ ቆራጩ ወደዚያ ይሄዳል እንጂ ሠራተኛው ዕቃ ተሸክሞ ወደ እኛ አይመጣም። የድርጅታችን መመሪያ ክሊራንስ በመጨረሻው ቀን ይጀመራል ይላል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ በዚያ ቀን የሚቀረው ቁልፍና መታወቂያ መመለስ ብቻ መሆን አለበት።

የክፍያውን ዓረፍተ ነገር አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «የመጨረሻ ደመወዝዎና ያልተወሰደ ፈቃድ ክፍያዎ ውሉ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸማል። ያልተመለሰ ንብረት ካለ የንብረቱ ስምና የተመዘገበ ዋጋው በጽሑፍ ይገለጽልዎታል፤ ክርክር የሌለበት ክፍያ ግን በዚህ ምክንያት አይዘገይም።» የጠፋ ንብረት ዋጋ የሚቀነስ ከሆነም የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ካልተስማማ ድርጅቱ መብቱን በፍርድ ቤት ይጠይቅ እንጂ ከደመወዝ ላይ በራሱ ሥልጣን አይቁረጥ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ደግሞ ከክሊራንስ ጋር ጨርሶ አላያይዘውም፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጽፌ በመጨረሻው ቀን፣ ማኅተም አድርጌ፣ ያለ ምንም ክፍያ እሰጣለሁ። ውሉ ካበቃ በኋላ ንብረት ማምጣት ካስፈለገም የሚሄደው በሥራ ላይ ያለ ሌላ ሠራተኛ ነው።