200 ኪቪኤ ትራንስፎርመር እና 18 የኤሌክትሪክ መኪኖች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ባለ 48 ቤት ሕንፃ ምድር ቤት የሚቆሙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከሁለት ተነሥቶ 18 ደረሰ። የነዋሪዎች ኮሚቴ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መሆኔን ስለሚያውቅ፣ ትራንስፎርመሩን ሳናስቀይር ሁሉንም መኪኖች ቻርጅ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ እንድፈልግ ጠየቀኝ። ትራንስፎርመሩ 200 ኪቪኤ ነው፤ ይህም ኃይሉን ከሚያደርሱት ሦስት መስመሮች፣ ማለትም ፌዞች፣ በእያንዳንዱ ወደ 289 አምፒር ማለት ነው። 18ቱ ቻርጀሮች እያንዳንዳቸው 32 አምፒር፣ ማለትም 7 ኪሎዋት ያህል ስለሚወስዱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ቢሠሩ ብቻቸውን 126 ኪሎዋት ይፈልጋሉ።

ሥራውን የጀመርኩት በዋናው ቦርድ ላይ መለኪያ አስሬ የሕንፃውን ፍጆታ ለአንድ ሳምንት በመመዝገብ ነበር። ጫናው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከፍ ብሎ 118 ኪቪኤ ይደርሳል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት እያንዳንዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን ሕንፃው ይተኛል፤ በአንድ ፌዝ የሚሄደው ከ60 አምፒር አይበልጥም። የትራንስፎርመሩን ጣሪያ 80 በመቶ ላይ፣ ማለትም በፌዝ 230 አምፒር ላይ ወሰንኩት። ይህን ያደረግኩት ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የትራንስፎርመር ደረጃ የሚሰጠው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ሲሆን፣ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን ሳሳ ያለው አየር ሙቀቱን በዚያው መጠን አይወስድለትም።

በዚህ ስሌት ሌሊት በፌዝ 170 አምፒር ይተርፋል። በሦስቱም ፌዝ ሲደመር 112 ኪሎዋት ያህል ስለሚሆን፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከ670 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው። በከተማ ውስጥ በቀን 50 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና የሚፈልገው ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት በመሆኑ፣ 18ቱም የሚበቃቸው 180 ነው። የጎደለን ኃይል ሳይሆን ሰዓት ነበር፤ ሁሉም ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ ልክ ምጣዱ ሲጣድ፣ መኪናውን ይሰካል።

የመጀመሪያው አሠራሬ ቀላል ነበር። በትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ የተገጠመው ሜትር የሕንፃውን ጠቅላላ ጫና በየ10 ሴኮንዱ ያነባል፤ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር ከዚያ ላይ ቻርጀሮቹ ራሳቸው የሚወስዱትን አውጥቶ፣ ቀሪውን ከ160 ኪቪኤ ቀንሶ የተረፈውን ለቻርጀሮቹ ያከፋፍላል። በዚያን ጊዜ የተገጠሙት ስምንት ቻርጀሮች ብቻ ነበሩ። አንድ ምሽት ሕንፃው 118 ኪቪኤ እየወሰደ ሳለ ስሌቱ 42 ይተርፋል ስላለ፣ ስድስት መኪኖች በሙሉ አቅማቸው ቻርጅ ማድረግ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዋናው ብሬከር ወደቀና ሕንፃው በሙሉ ጨለመ። ሊጡን ምጣድ ላይ አፍስሰው የነበሩ ጎረቤቴ በደረጃው ላይ ያሉኝን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

የወደቀበትን ምክንያት ያገኘሁት የሦስቱን ፌዞች መዝገብ ለየብቻ ስመለከት ነው። ኬብሉን የዘረጋው ባለሙያ ስምንቱንም ቻርጀሮች በአንድ ፌዝ ላይ አስሮአቸዋል፤ ያ ፌዝ ደግሞ አስቀድሞም ከሌሎቹ ይበልጥ የተጫነ ሲሆን ምሽት ላይ 205 አምፒር ይወስድ ነበር። ስድስት መኪኖች 192 ሲጨምሩበት 397 ደረሰ፤ የሌሎቹ ሁለቱ ግን ገና ብዙ ስለሚቀራቸው ድምሩ ደህና መስሎ ታየ። ምልክቱ አስቀድሞ ነበር፤ በዚያ ፌዝ ላይ ቮልቴጁ ወደ 198 ሲወርድ በሌሎቹ ከፍ ብሎ ነበር፣ የኒውትራሉ ገመድም በእጅ ሲነካ ይሞቅ ነበር። ድምሩን ብቻ ማየቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ ባለሙያውን አልወቅስም፤ ምን እንደምፈልግ አልነገርኩትም። ከዚያ በኋላ 18ቱን ቻርጀሮች ስድስት ስድስት አድርገን በሦስቱ ፌዝ ላይ አከፋፈልናቸው፤ ተቆጣጣሪውም ለእያንዳንዱ ፌዝ የተለየ ስሌት እንዲሠራ አደረግኩ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ገደብ ገጠመኝ። ቻርጀሩ ለመኪናው ምን ያህል አምፒር መውሰድ እንደሚችል የሚነግረው በአንዲት ቀጭን የምልክት ሽቦ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ሊፈቅድ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን 6 አምፒር ነው። ከዚያ በታች ማቆም እንጂ መቀነስ የለም። በጣም በተጫነው ፌዝ ላይ ምሽት የሚተርፈው 25 አምፒር ብቻ ስለሆነ፣ ከስድስቱ መኪኖች አራቱ 6 አምፒር እየወሰዱ ሁለቱ ተራ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ተራውን በሁለት ሰዓት አንዴ ነበር የማዞረው፤ አንዳንድ መኪኖች ግን ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ እንቅልፍ ይወስዳቸውና ተራቸው ሲደርስ አይነቁም። ባለቤቱ ጠዋት ሲመጣ ባትሪው ሳይሞላ አድሮ ያገኘዋል። ተራውን በየ15 ደቂቃው ማዞር ከጀመርኩ ወዲህ ይህ አቤቱታ ቀረ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያለው ቅጽበት ነበር። ማቀዝቀዣው፣ የውኃ ማሞቂያው፣ ምጣዱ ሁሉ በአንድነት ይነሣል፤ ቻርጀሮቹም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነቃሉ፤ የኔትወርክ ሳጥኑና ኮምፒውተሩ ግን ሥራ እስኪጀምሩ አራት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በእነዚያ ደቂቃዎች አዛዥ የሌላቸው ቻርጀሮች ፋብሪካው እንዳስቀመጠላቸው ወደ 32 አምፒር ይዘላሉ። መፍትሔው በየቻርጀሩ ውስጥ ሁለት ትእዛዝ መደራረብ ሆነ። `stackLevel` የትእዛዙ ደረጃ ነው፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይሽራል። በ`stackLevel` 0 ላይ ጊዜ የማይሽረው የ6 አምፒር ገደብ አለ፤ በላዩ በ`stackLevel` 1 ደግሞ ተቆጣጣሪው የሚልከው ከፍ ያለ ፈቃድ `duration` 120 ሴኮንድ ብቻ ተሰጥቶት ይቀመጣል። ተቆጣጣሪው በየደቂቃው ካላደሰው ፈቃዱ በራሱ ያልቅና ቻርጀሩ ወደ 6 ይመለሳል። ይህ እንደሚሠራ በወረቀት አላመንኩም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኔትወርክ ገመዱን ነቅዬ 18ቱንም በክላምፕ ሜትር አንድ በአንድ ለካሁ። ሁለቱ አልታዘዙም ነበር፤ የውስጥ ሶፍትዌራቸው ከታደሰ በኋላ ተስተካከሉ።

አንድ ጎረቤት ደግሞ ከመኪናው ጋር የመጣውን ተንቀሳቃሽ ገመድ በምድር ቤቱ ተራ ሶኬት ላይ መሰካት ጀምሮ ነበር። ሜትሩ በትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ ስለሆነ ይህን እንደ ሕንፃው ጫና ይቆጥረውና ከሌሎቹ ይቀንሳል። አደጋ አልነበረውም፤ ግን የእሱ ድርሻ ከወረፋተኞቹ አፍ ተነጥቆ ነበር። ጥበቃው ሶኬቱ ላይ ክዳን አስገጥሞ ቆለፈው።

አሁን ኮሚቴው 60 ኪሎዋት የሚሰጥ ፈጣን ቻርጀር እንዲተከል ጥያቄ ቀርቦለት አስተያየቴን ጠይቆኛል። ያ ቻርጀር በእያንዳንዱ ፌዝ 91 አምፒር ይፈልጋል፤ ምሽት ያለን 25 ነው። ሌሊት ብቻ እንዲሠራ ከተስማሙ እንደምተክለው፣ በምሽት ግን እንደማልፈርም ጽፌ ሰጠኋቸው።