ጥፋቱ ብየዳው ላይ አልነበረም

ቦርዱ የ1 ኪሎኸርዝ ቃና መለያ ነው። በድሮው ሥሪት ፒኤንፒ ትራንዚስተር ነበር፤ ኮሌክተሩ በፌራይት ላይ በተጠመጠመ 1 ሄንሪ ኮይል በኩል ግራውንድ ይገባል፣ ከኮይሉ ጎን ደግሞ ካፓሲተር አለ። ኮይሉ ያስቸግር ነበር። ሽቦው ከፀጉር የማይወፍር በመሆኑ እግሩ ላይ ይበጠሳል፣ አጠገቡ ካለው ትራንስፎርመርም ሃም ይለቅማል። ስለዚህ ዲዛይነራችን ኮይሉን አውጥቶ በጃይሬተር፣ ማለትም ያለ ኮይል እንደ ኮይል በሚሠራ ሰርኪት፣ ሲተካው ሐሳቡን ደግፌዋለሁ። አንድ ጫፉ ግራውንድ ላይ ለተቀመጠ ኮይል ሁለት ኦፕአምፕ፣ አራት ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይበቃሉ። ሬዚስተሮቹ እኩል ከሆኑ ቀመሩ `L = R²C` ነው፤ 10 ኪሎኦምና 10 ናኖፋራድ ልክ 1 ሄንሪ ይሰጣሉ። ከጎኑ 22 እና 3.3 ናኖፋራድ ትይዩ ሲደረጉ ድምር ውጤቱ 1 ኪሎኸርዝ ላይ ይርገበገባል።

የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች ተበይደው ሲመጡ ግን አንዳቸውም አልለዩም። 300 ኸርዝ ቢሰጣቸው ይመልሳሉ፣ 500 ቢሰጣቸው ይመልሳሉ። እንዲያውም 300 ኸርዙ ከ1 ኪሎኸርዙ በልጦ ይወጣ ነበር። ዲዛይነሩ ቦርዱን አንሥቶ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገና «ይሄ ብየዳ ነው» አለ። በዚያው ቀን የጥገና ቅጹ ላይ ከ«መንስኤ» አንጻር «የብየዳ ጉድለት» ተብሎ ተሞላ፤ ከሥሩ ቦርዶቹን የበየደችው ቴክኒሻን ስም ሰፈረ።

እሷ አልተከራከረችም። ነጥቦቹን አንድ በአንድ አቅልጣ ደግማ በየደች፣ አይሲዎቹን ቀየረች፣ ቦርዶቹን በአልኮል አጠበች። ለውጥ የለም። እኔ ዘንድ ስትመጣ አንድ ቦርድና አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዛ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲግናል ሳይሰጥ በቴስተር የለካችውን የዲሲ ቮልቴጅ ጽፋለች። ኮሌክተሩ ከጃይሬተሩ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ 4.5 ቮልት፣ የአንዱ ኦፕአምፕ መውጫ ሲደመር 10.5፣ የሌላው ሲቀነስ 10.5። ከሥር ደግሞ የሌሎቹ ቦርዶች ንባብ አለ፤ ሁሉም ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው።

«ይሄን አሳየሽው?» አልኳት።

«አሳየኋቸው። አይሲው ተጎድቷል፣ ቀይሪው አሉኝ። ቀየርኩት፣ ያው ነው። እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው» አለች ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፤ «ብየዳዬ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ቦርድ እንዴት አንድ ዓይነት ያነባል?»

እዚህ ላይ ማንም ሊመልስላት የሚገባው ጥያቄ ነበር። የተበላሸ ብየዳ እንዲህ አይስማማም። አንዱ ቦርድ ላይ ይቆርጣል፣ ሌላው ላይ ሲነኩት ይመለሳል፣ ሦስተኛው ላይ ሌላ እግር ይመታል። ሁሉም ቦርድ አንድ ዓይነት ከታመመ ሕመሙ ወረቀቱ ላይ ከተሳለው ሰርኪት ነው የመጣው።

የሷ ቁጥሮች መልሱን ይዘውት ነበር። ኮይል ለዲሲ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ያ ነጥብ ዜሮ ቮልት አካባቢ መሆን ነበረበት፣ እሱ ግን 4.5 ላይ ቆሟል። ሁለቱ መውጫዎች ደግሞ አንዱ ጣራ፣ ሌላው ወለል ነክተዋል። ኦፕአምፑ ቲኤል072 ነው፤ በሲደመር ሲቀነስ 12 ቮልት ሲሠራ መውጫው 10.5 አካባቢ ሲደርስ ከዚያ አያልፍም።

የዚህ ሰርኪት ኦፕአምፖች ሥራቸው ሦስት ነጥቦችን እኩል ቮልቴጅ ላይ ይዞ ማቆየት ነው። ከውጭ የሚገባው ከረንት ወደ ኦፕአምፑ መግቢያ መሄድ ስለማይችል በመጀመሪያው ሬዚስተር በኩል ወደ አንዱ ኦፕአምፕ መውጫ ይፈሳል። ይሄ እንዲሆን ያ መውጫ ከመግቢያው በ`IR` ዝቅ ማለት አለበት። የቀሩት ሬዚስተሮች ደግሞ ሌላውን መውጫ በዚያው ልክ ከፍ ያደርጉታል። የመግቢያው ቮልቴጅ `V` ከሆነ አንዱ መውጫ `V − IR`፣ ሌላው `V + IR` ነው ማለት ነው። አሁን የትራንዚስተሩን ከረንት እናስገባ። ያለ ሲግናልም ቢሆን ከኮሌክተሩ 1.5 ሚሊአምፔር ይፈሳል። 1.5 ሚሊአምፔር በ10 ኪሎኦም 15 ቮልት ነው። ኦፕአምፖቹ አንዱ ሲደመር 15፣ ሌላው ሲቀነስ 15 ላይ እንዲቆሙ ነው የተጠየቁት፤ ያላቸው ግን 10.5 ብቻ ነው። የጎደለው 4.5 ቮልት የት ሄደ? ኮሌክተሩ ላይ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ነው።

ኦፕአምፑ ጣራውን ከነካ በኋላ እዚያ ቦታ ኢንዳክተር የሚባል ነገር የለም። የቀረው ወደ ቆመ ቮልቴጅ የሚሄድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተርና ከጎኑ ያለው 25.3 ናኖፋራድ ነው። ይሄ ከ630 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ የሚቀንስ ተራ ዝቅተኛ አሳላፊ ማጣሪያ ነው፤ 300 ኸርዙ ከ1 ኪሎኸርዙ የበለጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ዲዛይነሩ ዘንድ ሄድኩ። እሷም አብራኝ መጣች፣ እንድትመጣም ፈልጌ ነበር።

«ሲሙሌሽኑን አይተኸዋል?» አለኝ። ስክሪኑ ላይ 1 ኪሎኸርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ የሚያምር ጫፍ ነበር። «ደግሞ የኦፕአምፑ ባንድዊድዝ 3 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለ1 ኪሎኸርዝ ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ ሰርኪቱ ልክ ከሆነ የቀረው ሥራው ነው።»

ስለ ባንድዊድዙ ያለው እውነት ነው። ጃይሬተር ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ኢንዳክተርነቱን እንደሚያጣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም የሚፈትሸውም እሱን ነው። ያልተፈተሸው ከረንቱ ነበር።

«የኦፕሬቲንግ ፖይንቱን አሳየኝ» አልኩት። ያለ ሲግናል የሚቆመውን ዲሲ የሚያሰላውን `.op` አስኬደ፤ ከወጣው ዝርዝር የሚያስፈልጉን የመግቢያው `n1` እና የሁለቱ መውጫዎች `n2` እና `n4` ነበሩ፦

```
V(n1):   0
V(n2): -15
V(n4):  15
```

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ኦፕአምፑን አይዲያል አድርጎ ነው ያስገባው፤ የ12 ቮልቱ አቅርቦት ሥዕሉ ላይ የለም። አይዲያል ኦፕአምፕ ጣራ ስለሌለው 15 ቮልትም ቢባል 150፣ ሳያንገራግር ይሰጣል። ያን ጫፍ ያወጣው `.ac` ደግሞ ከዚህ የባሰ ይሸፍናል፤ ሰርኪቱን በዚያ ነጥብ ዙሪያ ቀጥተኛ አድርጎ ስለሚያሰላ ሲግናሉ የቱንም ያህል ቢገዝፍ መቆረጥን አያሳይም። ያ የሚያምር ጫፍ በአቅርቦቱ ሊደረስ በማይችል ነጥብ ላይ የተሠላ ጫፍ ነበር።

«የድሮው ኮይል ግን ይሄን ከረንት ይሸከም ነበር» አለ።

ይሸከም ነበር። ልዩነቱ ግን እዚህ ጋ ነው፤ ይሄንን ለማንም ጃይሬተር ለሚሠራ ሰው ደጋግሜ እናገራለሁ። ኮይል ጉልበቱን በመግነጢሳዊ መስክ ያስቀምጣል። ጃይሬተር ማስቀመጫው ያቺ አንዲት ካፓሲተር ብቻ ናት። ካፓሲተሯ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ `IR` ስለሆነ `½C(IR)²` ከ`½LI²` ጋር እኩል ይወጣል፤ ሒሳቡ ምንም አያጎድልም። 1 ሄንሪ ውስጥ 1.5 ሚሊአምፔር 1.1 ማይክሮጁል ገደማ ነው። 10 ናኖፋራድ በ10.5 ቮልት የሚይዘው ግን 0.55 ማይክሮጁል ብቻ ነው። ግማሹ እንኳ በወጉ አይገባም። አንድን ኮይል በጃይሬተር ለመተካት ስታስቡ ቀመሩ ትክክለኛ ሄንሪ መስጠቱን ብቻ አትዩ፤ ካፓሲተሯ በአቅርቦታችሁ ልክ የኮይሉን ጉልበት ትችል እንደሆነ አስሉ። ይሄው ስሌት ጃይሬተር ኮይል ሲቋረጥ የሚወረውረውን ከፍተኛ ቮልቴጅም ለምን እንደማይሰጥ ያሳያል፤ ከአቅርቦቱ በላይ የሚገፋው ነገር የለውም።

መፍትሔው ከዚሁ ስሌት ይወጣል። መጀመሪያ የታሰበው ዲሲውን በሬዚስተር ወደ ግራውንድ ወስዶ ሲግናሉን ብቻ በካፓሲተር ማስተላለፍ ነበር። ግን 1.5 ሚሊአምፔሩን በ5 ቮልት አካባቢ የሚጥል ሬዚስተር 3.3 ኪሎኦም ነው፤ የኮይሉ ሪአክታንስ 1 ኪሎኸርዝ ላይ 6.3 ኪሎኦም ስለሆነ ያ ሬዚስተር ጫፉን ያጠፋዋል። ስለዚህ የጃይሬተሩን ሬዚስተሮች አሳንሰን ካፓሲተሯን አሳደግን፤ አራቱም 3.16 ኪሎኦም፣ ካፓሲተሯ 100 ናኖፋራድ። ሄንሪው ያው 1 ነው፣ `IR` ግን ከ15 ወደ 4.7 ቮልት ወረደ። ለሲግናሉም ቦታ ተረፈ፤ ሁለቱ መውጫዎች ሳይቆረጡ ጃይሬተሩ ላይ 5 ቮልት ፒክ ድረስ ይሄዳል።

ገደቡ የት እንደሆነ በኦሲሎስኮፕ ለማየት ሲግናሉን ከዚያ በላይ ጨመርነው። መመልከቻው የኦፕአምፖቹ መውጫ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሳይን ገና ሲታይ ደህና የሚመስል ሆኖ ሳለ የአንዱ መውጫ አናት ጠፍጣፋ መሆን ይጀምራል። መግቢያውን ብቻ እያየ «ይሠራል» የሚል ሰው ይሄን አያገኘውም። ፕሮቡን ይዛ የነበረችው እሷ ነች፤ «እዚህ ጋ ተቆረጠ» ብላ ቀድማን ያየችውም እሷው ነች።

ሬዚስተሮቹንና ካፓሲተሮቹን የቀየረችው፣ በዚያው እጅ የበየደችው እሷ ናት። ሁሉም ቦርዶች 1 ኪሎኸርዙን ለይተው ሌላውን ተዉ። የሥዕሉ ማሻሻያ «የክፍሎች ዋጋ ተስተካክሏል» በሚል አንድ መስመር አለፈ።

ቅጹ እንዲታረም ዲዛይነሩን ስጠይቀው «ዋናው ቦርዱ መሥራቱ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለኝ። በዓመቱ የሥራ ምዘና ላይ የሚቆጠረው ያ ወረቀት መሆኑን እሱም ያውቃል። የእሷን ንባቦችና የ15 ቮልቱን ስሌት በአንድ ገጽ አድርጌ፣ «የብየዳ ጉድለት» የሚለው ተሰርዞ «የዲዛይን ስሕተት» እንዲባል ጠይቄ ለምርት ክፍል ኃላፊው አስገብቻለሁ። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ ካልመጣም ደግሜ እጽፋለሁ።