ከሎግ ኮፊሸንት ወደ በመቶ፦ የሐዋሳ የቤት ኪራይ መረጃ ያስተማረኝ አነባበብ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የመረጥኩት ጥያቄ በሐዋሳ ከተማ የመኖሪያ ቤት ኪራይን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ነገሮች ምን እንደሆኑ ነበር። ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆነን ከፒያሳ እስከ ቱላ መንገድ ድረስ በእግርና በባጃጅ እየዞርን የ186 ቤቶችን መረጃ ሰበሰብን። ለእያንዳንዱ ቤት ወርሃዊ ኪራዩን በብር፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ ከገብርኤል አደባባይ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር፣ እንዲሁም ሽንት ቤቱ የራሱ ይሁን ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ መዘገብን። ትንተናው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከሦስት ወር በላይ የወሰደብኝ የኮፊሸንቶቹን፣ ማለትም ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ነገር የሚሰጣቸውን ቁጥሮች፣ ትርጉም በትክክል ማንበብ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ሪግሬሽን ኪራዩን በብር እንዳለ የወሰደ ነበር። ውጤቱ ለዓይን ደህና ቢመስልም ሁለት ነገሮች አላስተኙኝም። አንደኛው፣ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ላይ ለምትገኝ፣ በወር 1,800 ብር ለምትከራይ አንዲት ክፍል ቤት ሞዴሉ የገመተው ኪራይ ከዜሮ በታች 650 ብር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሞዴሉ በገመተውና በእውነተኛው ኪራይ መካከል ያለውን ልዩነት በሥዕል ሳወጣው ነጥቦቹ በርካሽ ቤቶች አካባቢ ተጠጋግተው፣ ወደ ውድ ቤቶች ሲሄዱ ግን እንደ ተከፈተ ማራገቢያ ተበትነው ታዩኝ። ይህ የሆነበት ምክንያት ከገበያው ራሱ የመጣ ነው፤ ከከተማው መሃል በአንድ ኪሎ ሜትር መራቅ ከአንድ ክፍል ቤትና ከሙሉ ግቢ ላይ እኩል ብር አይቀንስም፤ ከሁለቱም የሚቀንሰው ተቀራራቢ እጅ ነው። የኪራዩን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም የወሰድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ጽሑፎች «መረጃው ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለ ሎግ ወሰድን» ይላሉ፤ እኔ ግን ይህን ብቻውን በቂ ምክንያት አድርጌ አልቀበለውም፤ መታየት ያለበት ነገሮቹ ኪራዩን የሚለውጡት በመደመር ነው ወይስ በማባዛት የሚለው ነው።

ሎግ ከወሰድኩ በኋላ ማራገቢያው ተዘጋ፤ ከዜሮ በታች የሆነ ግምትም ሊመጣ አይችልም። ሆኖም የመጀመሪያው ስህተቴ እዚሁ ላይ ተፈጸመ። የሎጉን ዓምድ ያዘጋጀሁት በኤክሴል ሲሆን የተጠቀምኩት ቀመር `=LOG(B2)` ነበር። በኤክሴል ይህ ቀመር መሠረቱ ካልተነገረው በ10 መሠረት የተሠራ ሎጋሪዝም ይሰጣል፤ ተፈጥሯዊውን የሚሰጠው `=LN(B2)` ነው። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ `log()` የሚለው ትእዛዝ ያለ ተጨማሪ ቃል ተፈጥሯዊውን ይሰጣል። እኔ ይህን ሳላስተውል ኮፊሸንቶቹን በ100 አባዝቼ «በመቶ» ብዬ አነበብኳቸው። ለራሱ ሽንት ቤት ላለው ቤት የወጣው ኮፊሸንት 0.178 ስለነበር «የራሱ ሽንት ቤት ያለው ቤት በ18 በመቶ ይወደዳል» ብዬ ጻፍኩ።

ስህተቱን ያጋለጡልኝ መረጃ በመሰብሰብ የረዱኝ አንድ አዛውንት ደላላ ናቸው። ውጤቱን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ልጄ፣ ይሄ አይሆንም። የጋራውን አራት ሺህ ካልነው የራሱ ያለውን ስድስት ሺህ ነው የምንለው» አሉኝ። ቤት ገብቼ ክፍላቸውና ርቀታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ቤቶችን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ሳነጻጽር እሳቸው ያሉት ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ቀጥሎ የሎጉን ዓምድ በዓይኔ ተመለከትኩ። 5,000 ብር የሚከራይ ቤት ሎግ 3.70 ተብሎ ተጽፏል፤ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ቢሆን ኖሮ 8.52 መሆን ነበረበት። ይህ ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ሊያደርገው የሚችል ማጣሪያ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ብር ሎግ ተወስዶለት ዓምዱ ውስጥ የሚታየው ሦስትና አራት ከሆነ መሠረቱ 10 ነው፤ ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ከሆነ ተፈጥሯዊው ነው። ኮፊሸንትን በ100 አባዝቶ በመቶ ብሎ ማንበብ የሚሠራው ለተፈጥሯዊው ብቻ ነው። በ10 መሠረት የወጣ ኮፊሸንት ግን አስቀድሞ በ2.303 መባዛት አለበት፤ የእኔም 0.178 በዚህ ሲባዛ 0.41 ይሆናል።

ዓምዱን አስተካክዬ ሞዴሉን በአር ደግሜ ስሠራ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍል 0.30፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከዜሮ በታች 0.06፣ ለራሱ ሽንት ቤት 0.41፣ ሌሎቹ ሁሉ ዜሮ ሲሆኑ ያለው መነሻ ደግሞ 7.80 ሆኖ ወጣ። አሁን «41 በመቶ» ብዬ ልጽፍ ስል የደላላው አራት ሺህና ስድስት ሺህ ትዝ አለኝ፤ ከአራት ወደ ስድስት መሄድ 50 በመቶ ነው እንጂ 41 አይደለም። ሁለተኛው ትምህርቴ የመጣው ከዚህ ነው።

የሎግ ኮፊሸንት በራሱ በመቶ አይደለም። 0.41 ማለት ኪራዩ በ0.41 ኃይል ከፍ ባለው የ2.718 ቁጥር፣ ማለትም በ1.507 ይባዛል ማለት ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ጭማሪ 50.7 በመቶ ነው። ኮፊሸንቱ ትንሽ ሲሆን ሁለቱ ንባቦች ይቀራረባሉ፤ 0.05 ለ5.1 በመቶ፣ 0.10 ለ10.5 በመቶ ይቆማል፤ በዚህ ክልል ውስጥ በ100 ማባዛት ማንንም አያሳስትም። 0.20 ላይ ግን እውነተኛው 22.1 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍተቱ በፍጥነት ይሰፋል። የእኔን ሠንጠረዥ በዚህ ዓይን ስናየው የኪሎ ሜትሩ 0.06 በግምት 6 በመቶ መቀነስ ተብሎ ቢነበብ ትክክለኛው 5.8 ስለሆነ ምንም አይጎድልም፤ የክፍሉ 0.30 ግን 35 በመቶ ነው። ትንሽ ኮፊሸንትም ቢሆን ሲደመር ይከማቻል፤ 5 ኪሎ ሜትር መራቅ «30 በመቶ» ሳይሆን 25.9 በመቶ ነው የሚቀንሰው።

የሽንት ቤቱን የመሰለ፣ አለ ወይም የለም ተብሎ በ1 እና በ0 የሚመዘገብ ነገር ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ኪሎ ሜትርን በትንሹ ከፍሎ ማሰብ ሲቻል የሽንት ቤት ሩብ የለም፤ ዝላዩ ሙሉ ነው። ሮበርት ሃልቮርሰንና ሬይመንድ ፓልምኩዊስት ይህን ስህተት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ በግልጽ አሳይተውታል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ እኔም ለመቀበል ጊዜ የወሰደብኝ ነገር አለ፤ አመዘጋገቡን ገልብጬ የጋራ ሽንት ቤት ያለውን 1 ብዬ ብመዘግብ ኮፊሸንቱ ከዜሮ በታች 0.41 ይሆናል፤ ወደ በመቶ ሲለወጥ ግን መቀነሱ 33.6 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ከደላላው ቁጥር ጋር ሲታይ ግልጽ ይሆናል፤ ከ4,000 ወደ 6,000 መውጣት 50 በመቶ ሲሆን ከ6,000 ወደ 4,000 መውረድ 33 በመቶ ነው። 0.41 የሚለው ቁጥር ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ ሆኖ በመካከላቸው የቆመ ነው፤ ስለዚህ በመቶ ሲጻፍ «ከምን ተነስቶ» የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት።

ልወጣው በአር በሁለት መስመር ያልቃል።

```
m <- lm(log(kiray) ~ kifl + km + shint, data = bet)
100 * (exp(cbind(coef(m), confint(m))) - 1)
```

ሁለተኛው መስመር የእርግጠኝነት ክልሉን ዳርቻዎችም አብሮ ይለውጣል። የሽንት ቤቱ ክልል በሎግ ከ0.29 እስከ 0.53 ነበር፤ በበመቶ ከ34 እስከ 70 ይሆናል። 51 በመቶው ከክልሉ መሃል ላይ አለመቀመጡ ስህተት አይደለም፤ ዳርቻዎቹን ለይቶ መለወጥ እንጂ ስታንዳርድ ኤረሩን በ100 ማባዛት አይገባም። በመነሻው መስመር ላይ የሚወጣው ከሁለት መቶ አርባ ሺህ በላይ የሆነ «በመቶ» ግን ትርጉም የለውም፤ ከሠንጠረዡ አወጣሁት።

ሌላው ያደናቀፈኝ ከሎግ ወደ ብር መመለስ ነው። ሁለት ክፍል ያለው፣ 2 ኪሎ ሜትር የሚርቅ፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ቤት ሲሰላ ሎጉ 8.69 ይመጣል፤ ወደ ብር ሲመለስ ወደ 5,940 ነው። ይህን «አማካይ ኪራይ» ብዬ ጽፌው ነበር። ነገር ግን የሎግ አማካይ ተመልሶ ብር ሲሆን የሚሰጠው ጂኦሜትሪያዊውን አማካይ ነው፤ ይህም በእንዲህ ያለ ገበያ ግማሾቹ ቤቶች ከሱ በላይ ግማሾቹ ከሱ በታች ወደሚሆኑበት ዋጋ ይጠጋል፤ ጥቂት ውድ ቤቶች የሚጎትቱት የተለመደው አማካይ ግን ከዚህ ይበልጣል። ናይሁዋ ዱዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን የሎግ ቀሪ ልዩነት ወደ ቀድሞው ሚዛን መልሶ አማካዩን መውሰድና ግምቱን በዚያ ማባዛት ነው። በእኔ መረጃ ይህ ቁጥር 1.08 ስለወጣ ግምቱ ወደ 6,400 ብር ከፍ አለ። የበመቶው ንባብ የሚመለከተውም ይህንኑ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ነው፤ የቀሪዎቹ ስርጭት ለሁለቱም ዓይነት ቤቶች ተመሳሳይ ከሆነ ብቻ ለተለመደው አማካይም ይሠራል። በሁለቱ ወገኖች የቀሪዎቹን ስርጭት ለየብቻ አውጥቼ ተቀራራቢ መሆኑን አረጋገጥኩ።

በመጨረሻ የቀረኝ ጥያቄ 51 በመቶው የየትኞቹ ቤቶች ነው የሚለው ነበር። ሞዴሉ ለአንድ ክፍልም ለሙሉ ግቢም አንድ ዓይነት በመቶ ይሰጣል። መረጃውን ስከፋፍለው ሦስትና ከዚያ በላይ ክፍል ካላቸው 44 ቤቶች መካከል የጋራ ሽንት ቤት ያላቸው 3 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስለ ትልልቅ ቤቶች ኮፊሸንቱ የሚናገረው ከራሳቸው መረጃ ሳይሆን ከትንንሾቹ ተውሶ ነው። አንድና ሁለት ክፍል ያላቸውን 142 ቤቶች ብቻ ወስጄ ስደግመው ኮፊሸንቱ 0.44 ሆነ። በጽሑፌ የቀረውም ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ከአንድና ከሁለት ክፍል ቤቶች መካከል፣ በክፍል ብዛትና በርቀት እኩል ሲሆኑ፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ቤት የጋራ ካለው በ55 በመቶ ከፍ ባለ ኪራይ ይከራያል።»