ጎቲንገን፦ ቁልፍ የሌለው ክፍልና ቁልፍ ያለው ክፍል

ጎቲንገን ሳልደርስ በፊት "ክፍል አግኝቻለሁ" ብዬ ለቤተሰብ ሁሉ አውርቼ ነበር። 25 ካሬ ሜትር፣ የእንጨት ወለል፣ ትልቅ መስኮት፣ ከዋናው ካምፓስ በእግር አስር ደቂቃ። ኪራዩ ከማሞቂያ፣ ከውሃ፣ ከመብራትና ከኢንተርኔት ጋር ተጠቃልሎ 350 ዩሮ። ፎቶውን ማታ ማታ እየከፈትኩ አየው ነበር። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ እንደማስጠጋው ሳይቀር ወስኛለሁ።

ጎቲንገን ጀርመን መሃል ላይ ያለች የተማሪ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1737 የተከፈተ ነው። የክረምቱ ሴሚስተር ትምህርት የሚጀምረው ኦክቶበር ውስጥ ስለሆነ፣ ሴፕቴምበር ላይ ከተማው ሙሉ ክፍል ይፈልጋል። የተማሪ ዶርም የሚያስተዳድረው ሽቱዲረንደንቬርክ ዘንድ ተመዝግቤ ነበር፤ ግን ወረፋው አልደረሰኝም። ስለዚህ ኦገስት ላይ በማስታወቂያ ገጾች ለሰላሳ ያህል ሰዎች ጻፍኩ። የመለሱልኝ ሦስት ናቸው። ከሦስቱ ፈጥና፣ በደንብ ጽፋ የመለሰችው የዚህች የ350 ዩሮዋ ክፍል ባለቤት ነበረች።

ለሥራ ወደ ሌላ አገር እንደሄደች ነገረችኝ። ክፍሉን የምታሳይልኝ ሰው እንደሌላት፣ ቁልፉን ግን በፖስታ እንደምትልክ ጻፈች። ከእኔ የሚጠበቀው የሁለት ወር ኪራይ ዲፖዚት፣ ማለትም ስለቅ የሚመለስልኝ መያዣ፣ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ጋር፣ በድምሩ 1050 ዩሮ መላክ ነው። ገንዘቡ በአንድ የታወቀ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ በኩል እንደሚያልፍና ክፍሉን ካልወደድኩት እንደሚመለስልኝም አረጋገጠችልኝ። እንዳምናት ብላ የፓስፖርቷን ፎቶ ላከች። የእኔንም ጠየቀች።

እዚያ ቀድማኝ የሄደች አንዲት ጓደኛዬ ነበረች። ደስ ብሎኝ ፎቶዎቹን ላኩላት። ብዙም ሳትቆይ ደወለች።

"እህቴ፣ ሶኬቱን አይተሽዋል?"

አላየሁትም። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው፣ እንግሊዝ አገር የሚሠራበት ዓይነት ነበር። የጀርመን ሶኬት ክብ ነው፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለት ክብ ቀዳዳ አለው። ክፍሉ ጀርመን ውስጥ የለም ማለት ነው። ፎቶውን በምስል ፍለጋ ስናስገባው በሌላ ስም፣ በሌላ ከተማ የተለጠፈ የአፓርትመንት ማስታወቂያ ላይ ወጣ።

እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ምናልባት የተሳሳተ ፎቶ ለጥፋ ይሆናል አልኩ። አሁን ሳስበው ያኔ ያየሁት ክፍሉን ሳይሆን ክፍል የማግኘት ጉጉቴን ነው። ጓደኛዬ ትምህርት ስትጨርስ በተሰጠን አድራሻ ሄደች። ጀርመን ውስጥ የሕንፃ በር ላይ ከደወሉ ጎን የነዋሪዎቹ ስም ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም እዚያ አልነበረም። አንዲት ጎረቤት "በዚህ ወር ክፍል ፈልጎ የመጣ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም" አለቻት።

የመጨረሻውን ፈተና ለአከራይዋ ራሴ ሰጠኋት። በቪዲዮ ደውላ፣ ወይም በሰው አስደውላ፣ ከደረጃው ጀምሮ እስከ መስኮቱ እንድታሳየኝ ጠየቅኩ። ሌላ ጥያቄም ጨመርኩ፤ አድራሻ ለማስመዝገብ የሚያስፈልገውን የቤት አከራይ ማረጋገጫ ወረቀት ትሰጪኛለሽ ወይ አልኩ። ከዚያ በኋላ አልመለሰችም።

የፓስፖርቱ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በእንዲህ ዓይነት ማጭበርበር የሚላከው መታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ከተታለለ ሌላ ክፍል ፈላጊ የተወሰደ ነው። እኔም የራሴን ልኬላት ቢሆን ኖሮ፣ ቀጣዩ ተማሪ በእኔ ፓስፖርት ይታለል ነበር። ዛሬ ኮፒ መስጠት ግድ ሲሆንብኝ ለማንና ለምን እንደሰጠሁ፣ ቀኑንም፣ በፎቶው ላይ አቋርጬ እጽፍበታለሁ። የፓስፖርት ቁጥሩንም እሸፍነዋለሁ።

ሴፕቴምበር 20 ጎቲንገን ስደርስ የያዝኩት የሁለት ሳምንት ማረፊያ ብቻ ነበር። ለሥራ ልምምድ የሄደች ተማሪ ክፍሏን ለአጭር ጊዜ አከራየችኝ። ጀርመኖች ይህን ትስቪሸንሚቴ ይሉታል። ጓደኛዬ ሄዳ ክፍሉን አይታ፣ ልጅቷንም አግኝታ ነው የተስማማነው። ከሩቅ ሆነው ለዓመት ከመፈረም ይልቅ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ይዞ መሄድ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ኪራዩ በቀን ሲሰላ ይወደዳል፤ ግን በአካል ሄዶ ማየት ያስችላል።

በመጀመሪያዋ ሳምንት አምስት ክፍሎች አየሁ። አምስተኛው ሦስት ተማሪዎች ኩሽናና መታጠቢያ የሚጋሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን የጋራ ቤት ቬጌ ይሉታል። ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ውል ይሰጣል። አብረውኝ የሚኖሩትን ሁለት ልጆች አገኘኋቸው፣ ቁልፉ በሩን ሲከፍት አየሁ፣ ደወሉ ላይ ስማቸው አለ። ባለቤቱ ስምንት ገጽ ውል ሰጠኝ። "እዚሁ ፈርሚ" አላለኝም። ወስጄ እንዳነብ አንድ ቀን ስጠይቀው ፈቀደ።

ያን ማታ ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። ውሉ ሁለት ዓይነት ኪራይ ይጠቅሳል። ካልትሚቴ፣ በቃል "ቀዝቃዛ ኪራይ"፣ የክፍሉ ብቻ ዋጋ ነው፤ 340 ዩሮ። በላዩ ኔበንኮስተን አለ፤ የማሞቂያ፣ የውሃ፣ የቆሻሻና የመሳሰለው ወጪ ነው፤ 90 ዩሮ። ሁለቱ ሲደመሩ ቫርምሚቴ ወይም "ሙቅ ኪራይ" ይባላሉ፤ 430 ዩሮ። የእኔ ውል 90ውን ቅድመ ክፍያ ይለዋል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ሒሳብ ይሠራል፤ ብዙ ማሞቂያ ከተጠቀምን እንጨምራለን፣ ከቆጠብን ይመለስልናል። "ቋሚ ክፍያ" የሚል ቢሆን ግን እንደዚያ ዓይነት የዓመት ሒሳብ አይኖርም።

ከዚያ ዲፖዚቱ ጋ ደረስን። "ሦስት ወር ኪራይ፣ 1290 ዩሮ፣ ሲፈረም የሚከፈል" ይላል። ጓደኛዬ እስክሪብቶዋን አነሳች። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 551 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ዲፖዚት ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ሲሰላም ኔበንኮስተኑ አይቆጠርም። የእኔ ጣሪያ ታዲያ 340 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 1020 ዩሮ ነው። ባለቤቱ በሙቁ ኪራይ አስልቶ 270 ዩሮ ጨምሮብኛል። ሁለተኛ፣ ተከራይ በሦስት እኩል ወርሃዊ ክፍያ የመክፈል መብት አለው። የመጀመሪያው የሚከፈለው ደግሞ ኪራዩ ሲጀምር ነው እንጂ ሲፈረም አይደለም።

ይህ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አልነበረም። በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥና በየወሩ ይለቀቅለታል። ለእኔ የሚለቀቀው በወር 992 ዩሮ ነበር። እንደ ውሉ ከሆነ በመጀመሪያው ወር 1290 እና 430፣ በድምሩ 1720 ዩሮ ላወጣ ነው። በሕጉ ግን 340 እና 430፣ 770 ዩሮ ይበቃል። የተረፈው ለመብልና ለሴሚስተር ክፍያ ይሆናል።

በማግስቱ አንቀጹን በስልኬ ከፍቼ፣ ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አነበበውና "ሁሌም እንደዚህ ነው የምጽፈው" አለ፤ ከዚያ 1290ን ሰርዞ 1020 ጻፈ፤ ጎኑ ላይ ሁለታችንም ፈረምን። ዲፖዚቱን ከራሱ ገንዘብ ለይቶ የሚያስቀምጥበትን ሒሳብም ጠየቅኩት፤ እሱም የሕግ ግዴታው ነው። ሁሉም አከራይ እንዲህ ይለዝባል ማለቴ አይደለም። ክፍል እንደ ወርቅ በጠፋበት ወር "ካልፈለግሽ ተይው" የሚል ሞልቷል። ቢሆንም ከሕጉ ጣሪያ በላይ የተጻፈ ዲፖዚት ቢፈረምበትም ትርፉ አይጸናም፤ ከገቡ በኋላም ጉዳዩን ማንሳት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የ350 ዩሮዋ ክፍል በሌላ ዓይን ታየችኝ። ሕጉ ራሱ የዲፖዚቱን የመጀመሪያ ክፍያ ከኪራዩ መጀመሪያ ጋር አስሮታል። ቁልፍ ሳይሰጥ፣ ክፍል ሳያሳይ፣ ሙሉውን ዲፖዚት ላኪ የሚል ሰው ሕጉ የማያስገድደውን ነው የሚጠይቀው። በሶኬት ባላውቃት በዚህ አውቃት ነበር። ሽቱዲረንደንቬርክና የግል ዶርሞች ግን ከመግባት በፊት ዲፖዚት ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ያኔ የሒሳብ ቁጥሩ ከራሱ ከድርጅቱ ገጽ ወይም ደውለው ካረጋገጡት ቢሮ መምጣቱን ማየት ነው፤ በቻት ከተላከ ሊንክ አይደለም።

አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር ያከራከረን። ውሉ ለሁለት ዓመት አልለቅም ብዬ እንድፈርም ይጠይቃል። በተለመደው ሕግ ተከራይ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይወጣል፤ ማስጠንቀቂያው በወሩ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን መድረስ አለበት። በኢሜይል አይሆንም፤ የተፈረመ ወረቀት ነው። ተማሪ ግን ዩኒቨርሲቲ ሊቀይር፣ ለሥራ ልምምድ ሊሄድ ይችላል። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ለተማሪ የተጻፈ እንዲህ ያለ የሁለት ዓመት እገዳ ውድቅ አድርጓል። ባለቤቱ ወደ አንድ ዓመት ዝቅ አደረገው፤ ተስማማሁ።

ኦክቶበር 1 ቁልፍ ተረከብኩ። መጀመሪያ የማሞቂያውንና የመብራቱን ቆጣሪ ቁጥር ጻፍን። ከዚያ ክፍሉን ጥግ በጥግ ዞርን። ከመስኮቱ ሥር ሁለት መዳፍ የሚያህል የድሮ የሻጋታ ምልክት ነበር፤ ወለሉ ላይ በሩ አጠገብ ረጅም ጭረት። ሁለቱም በርክክብ ወረቀቱ ላይ ሰፈሩ፣ ፎቶም አነሳሁ። ይህ ወረቀት ኡበርጋበፕሮቶኮል ይባላል። ስወጣ ከዲፖዚቴ ላይ ምን ሊቆረጥ እንደሚችል የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው።

ያቺ ሴት መልስ ያጣችለትን ወረቀት ባለቤቱ በዚያው ቀን ሞልቶ ፈረመልኝ። በጀርመን ሕግ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ኦክቶበር 8 ጠዋት ወረቀቱንና ፓስፖርቴን ይዤ የነዋሪዎች ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ አድራሻውን ጮክ ብላ አነበበችና ትክክል መሆኑን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ስመለስ ባለቤቱ ደወሉ ላይ ስሜን ለጥፎ አገኘሁት።