«ስንት ነው?» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ ደንበኛ የምንልከው መልስ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ መጋረጃ እየሰፋ በሚሸጥ ሱቅ ነው። ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ፎቶ ስንለጥፍ በውስጥ መስመር ከሚመጣልን መልእክት አብዛኛው ሁለት ቃል ነው፦ «ስንት ነው?» የትኛው መጋረጃ እንደሆነ፣ ለምን ያህል መስኮት እንደሆነ የሚነግረን የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት እናት ከሰሚት ተነስተው ሱቅ ድረስ መጡ። ስልካቸውን አውጥተው የተጻጻፍነውን አሳዩን። «ስንት ነው?» ብለው ጠይቀዋል፤ ከእኛ በኩል የተላከላቸው መልስ «650 ብር» ብቻ ነው። እሳቸውም «እሺ፣ እመጣለሁ» ብለዋል። ለሁለት መስኮት 1,300 ብር ቆጥረው ይዘዋል። 650 ግን የአንድ ሜትር ዋጋ ነው፤ የሁለቱ መስኮት ከ6,000 ብር ያልፋል። «ታዲያ ይሄን በጽሑፍ መንገር ምን ይከብዳል? ይሄን ሁሉ መንገድ!» አሉና ሄዱ። እውነታቸውን ነበር።

መጋረጃ የማይሠራ ሰው የሜትር ዋጋ ሰምቶ የራሱን መስኮት ማስላት አይችልም። ጨርቁ ሽብሽብ እንዲኖረው የዘንጉን ርዝመት እጥፍ ያህል ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ሲዘጋ እንደ አንሶላ ተወጥሮ ይቀራል። ዘንጉ ደግሞ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 20 ሴንቲሜትር ያህል መውጣት አለበት። ስለዚህ «2 ሜትር መስኮት ነው ያለኝ» የሚል ሰው የሚገዛው 5 ሜትር አካባቢ ጨርቅ ነው። በቁመት በኩል ብዙ አያስቸግርም፤ እኛ የምንይዘው ጨርቅ ጎኑ 2.80 ሜትር ስለሆነ ለአብዛኛው ቤት ከዘንግ እስከ ወለል ይበቃል፣ ደንበኛው የሚከፍለው በስፋት ብቻ ነው።

የሱቁ ባለቤት በሴትዮዋ ነገር በጣም አዝኖ «ከእንግዲህ ዋጋ አንጻፍ፣ ይደውሉልን እንበል» አለ። እኔ አልተስማማሁም። በጽሑፍ የሚጠይቅ ሰው መሥሪያ ቤት ወይም ታክሲ ውስጥ ነው፤ መደወል ቢፈልግ ቁጥራችን ቻናሉ ላይ አለ። ዋጋ ሲደበቅበት ደግሞ መልኩ ታይቶ ዋጋ ሊጨመርበት የታሰበ ይመስለዋል። የቆዩትን ንግግሮች ወደ ላይ እየሳብኩ አነበብኳቸው። «ይደውሉልን» የተባሉት አብዛኞቹ እዚያው ላይ ተቋርጠዋል። ቁጥር ብቻ የተላከላቸውም «እሺ» ብለው ጠፍተዋል። ቁጥር ብቻውን ሲሄድ ለሰውዬው የሚመልሰው ነገር አይተውለትም፤ «እሺ» ከማለት ሌላ ምን ይበል?

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ግራጫው መጋረጃ ስፌቱን ጨምሮ በሜትር 650 ብር ነው። 2 ሜትር ያህል ስፋት ላለው መስኮት በግምት ከ2,900 እስከ 3,300 ብር ይፈጃል። የሚፈልጉት ለሳሎን ነው ወይስ ለመኝታ ቤት?»

ዋጋው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የተጠየቅነው እሱን ነው። ቀጥሎ ያለው ግምት ሰውዬው ኪሱን ከመስኮቱ ጋር እንዲያገናዝብ ያደርገዋል። 650 ሰምቶ ሱቅ ድረስ ከሚመጣ ይልቅ 3,000 ሰምቶ ቤቱ ሆኖ ቢተወው ለእሱም ለእኛም ይሻላል። አነጋገሩ በአክብሮት የሆነውም ከአካውንቱ ስም ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ ስለማይታወቅ ነው።

ብዙ የተነጋገርነው በመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ነበር። ባለቤቱ «የመስኮትዎ ስፋት ስንት ነው?» እንዲባል ፈልጎ ነበር። ሞከርነው፤ ሰዎች «ቤት ስገባ ለክቼ እነግራችኋለሁ» ይላሉ፣ ቤት ሲገቡ ይረሱታል። «ሳሎን ወይስ መኝታ ቤት» ግን ከተቀመጡበት ሳይነሱ በአንድ ቃል የሚመለስ ነው። አንዴ ከመለሱ በኋላ የመስኮቱን ፎቶና በስንዝር የተለካ ስፋት ስንጠይቅ ይልካሉ። ፎቶው ዘንግ መኖር አለመኖሩን፣ ግራና ቀኝ ቦታ መኖሩንም ያሳየናል።

ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የአንዷ ጉዳይ እንዲህ ሄደ። ማታ ላይ «ስንት ነው» ብላ ጻፈች፣ መልሳችን ደረሳት፣ «ሳሎን» አለች። ፎቶና «10 ስንዝር» ላከች። አንድ ስንዝር 20 ሴንቲሜትር ያህል ብለን 2 ሜትር ያዝን። ዘንጉ 2.40 ይሆናል፣ እጥፉ 4.80፣ የዳር እጥፋት ሲጨመር 5 ሜትር፤ በ650 ሲባዛ 3,250 ብር። ከሥሩ የሚገባው ስሱ መጋረጃ በሜትር 380 ስለሆነ 1,900 ብር፣ ድምር 5,150። ሁለቱንም ለየብቻ ጽፈን ላክንላት። «ስሱ ይቆየኝ» አለች። አልተከራከርንም፤ «ልኬት የሚወስደው ልጅ ሐሙስ ይምጣ ወይስ ቅዳሜ?» ብለን ጠየቅን። ቅዳሜን መረጠች፣ 1,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላከች። በሜትር ሲለካ ዘንጉ 2.65 ሆኖ ጨርቁ 5.5 ሜትር ወጣ፣ ሂሳቡም 3,575 ብር ሆነ። «በግምት» የሚለው ቃል መልእክቱ ላይ ስለነበረ ቅር አላላትም።

ይህ መልስ የማይሠራበት ቦታም አለ። «ግራጫው ለ2.40 ዘንግ ስንት ይፈጃል?» ብሎ ለጻፈ ሰው አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው የተዘጋጀውን ለጥፋ ላከችለት። «ጽፌላችኋለሁ እኮ፣ አታነቡም?» አለ። ልክ ነው። የተዘጋጀው መልስ ምንም ላልተናገረ ሰው ብቻ ነው፤ ልኬት፣ ቀለም ወይም ሰፈር የጠቀሰ ሰው በእጅ የተጻፈ መልስ ይገባዋል። ሌላ ሱቅ ያላቸው ዋጋ ለማነጻጸር ሲጠይቁም ጥያቄዋን ዘለው «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላሉ። ለእነሱ የሜትሩን ዋጋ ደግመን እንተዋለን። ዝም ላለ ሰው በማግስቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያየው ጨርቅ በሰው ቤት ተሰቅሎ የተነሳ ፎቶ እንልካለን። ሁለተኛ ሲላክ ብሎክ ያደርጋሉ።

የትኛው መጋረጃ እንደተጠየቀ ለማወቅ ደግሞ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር እንዲህ ያለ ሊንክ እናስቀምጣለን (yourshop የሚለውን መልእክት በሚቀበለው አካውንትዎ ዩዘርኔም ይተኩ፣ በቻናሉ ሳይሆን)፦

```
https://t.me/yourshop?text=ኮድ14
```

ሲጫኑት የእኛ የውስጥ መስመር ይከፈትና ኮዱ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል፤ መላክ ብቻ ነው የሚቀራቸው። መልሶቹን ፕሪሚየም ባለው አካውንት የቴሌግራም ቢዝነስ ፈጣን መልሶች ውስጥ አስቀምጠናል፤ «/» ሲጻፍ ይዘረዘራሉ። ፕሪሚየም የሌለው ሰው ለራሱ በሚልክበት የማስታወሻ ገጽ አስቀምጦ እየገለበጠ መላክ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ያረጀ ዋጋ ነው። ጨርቃችን ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መርካቶ ላይ የምንገዛበት ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጥ ነበር፤ የተቀመጠ መልስ ደግሞ ራሱን አያርምም። አሁን እያንዳንዱ መልስ ላይ፣ ከጥያቄዋ በፊት፣ «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ይቆያል» የሚል አለ። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ሁሉንም ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ ያን ሳያደርግ ለማንም አይመልስም። በቆየው ዋጋ ቀብድ የከፈለ ደንበኛ ካለ በዚያው ዋጋ ይሰፋለታል።