ፍቺዬን ለጓደኛዬ ቀስ በቀስ የነገርኩበት መንገድ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ስመጣ ዘመድ እንጂ ጓደኛ አልነበረኝም። ዘመዶቼ ከባለቤቴ ጋር መለያየቴን፣ ለምን እንደተለያየን፣ ማን ማን ሊያስታርቀን እንደሞከረ ሁሉንም ያውቃሉ። እኔ ሳልነግራቸው ነው ያወቁት። በአዲሱ መሥሪያ ቤት ግን ማንም አያውቀኝም። ስለ ሕይወቴ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ መቼ እንደሚያውቅ የመወሰን ዕድል በእጄ ገባ። በደንብ አሰብኩበት። ሆዴን ላገኘሁት ሰው ሁሉ መዘርገፍ አልፈለግኩም። አፌን ዘግቼ ብቻዬን መኖርም አልፈለግኩም።

ጓደኝነቱ የተጀመረው ሰርቪስ ውስጥ ነው። አያት አካባቢ የምንኖር ሠራተኞችን ጠዋትና ማታ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለን። ከሌላ ክፍል የሆነች፣ በዕድሜ የምንቀራረብ ሴት ብዙ ጊዜ ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። ዋናው ጥያቄ ወዲያው በመጀመሪያው ሳምንት መጣ።

«ባለትዳር ነሽ?»

ይህን የምትጠይቀው ለክፋት አይደለም። እኛ አገር ሰው የሚተዋወቀው እንዲህ ነው። ትዳር፣ ልጅ፣ የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ገና ስም በቅጡ ሳይያዝ ይጠየቃል። ስለዚህ የራስን ነገር በልክ ማካፈል ማለት እኛ ዘንድ የሚጀምረው ከመናገር ሳይሆን ከመልስ አሰጣጥ ነው። «አዎ» ብላት ጓደኝነታችን የጠነከረ ቀን ውሸቴን ማረም ይኖርብኛል፤ ያን ቀን የሚያስቀይማት ፍቺዬ ሳይሆን መዋሸቴ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ብጀምረው ደግሞ ከኋላችን ያሉት ወንበሮች በሙሉ ይሰማሉ።

እንዲህ አልኳት፦ «አይ፣ አሁን ብቻዬን ነኝ። ከሁሉ የከበደኝ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ነው፤ ሁልጊዜ ይተርፈኛል። አንቺስ?»

መልሱ እውነት ነው። አጭር ነው። አግብቼ ፈትቼ ነበር ወይ የሚለውን ክፍት ትቶታል። ከሁሉ በላይ ግን ልትቀጥልበት የምትችል ሌላ ወሬ ሰጥቷታል። በደረቁ «ብቻዬን ነኝ» ብል ኖሮ ወይ ታፍራለች፣ ወይ «ለምን?» ትላለች። ስለ ወጡ ስለነገርኳት ግን እሷም እሑድ እሑድ ሠርታ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላ ፍሪጅ ውስጥ እንደምታስቀምጥ ነገረችኝ። የግል ጥያቄ ሲመጣብኝ እስካሁን የምጠቀመው ይህንን ነው፦ አንድ እውነተኛ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከእሱ ጋር ቀለል ያለ የኑሮ ነገር፣ ከዚያ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መመለስ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወሬያችን ሰፋ እንጂ አልጠለቀም። ስለ ምግብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ አለቆቻችን፣ ስለ ቤተሰብ፣ ማታ ስለምናየው ድራማ። ኢርዊን አልትማንና ዳልማስ ቴይለር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ ቅርበት እንዴት እንደሚያድግ ሲያስረዱ ሰውን ከሽንኩርት ጋር አመሳስለውታል። የውጪው ልጣጭ በቀላሉ ይነሳል፤ ወደ ውስጥ በተሄደ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። እነሱ ስፋትንና ጥልቀትን ለይተው ነው የሚያዩት። ይህ ለእኔ ትልቅ እረፍት ሰጥቶኛል። ስለ ብዙ ቀላል ነገር ማውራት ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ከባዱ ነገር የሚያርፍበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው።

ወደ ውስጥ የወሰድኩት የመጀመሪያ እርምጃ ትንሽ ነበር። የማስተርስ መግቢያ ፈተና ልፈተን ነበር፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም እንዲያውቅ አልፈለግኩም። ለእሷ ነገርኳት። ነገሩ ቢወራ ያሳፍረኛል እንጂ አይጎዳኝም። ወጥመድ ላደርገው ብዬም አይደለም፤ ፈርቼ ስለነበር ለአንድ ሰው መንገር በእርግጥ ፈልጌ ነው። ግን የሚቀጥለውን ነገር ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር ጠበቅኩ። አንደኛው ወሬው በሌላ ሰው በኩል ተመልሶ ይመጣብኛል ወይ የሚለው ነው። አልመጣም። ሁለተኛው እኔ ሳላስታውሳት ታስታውሰው ይሆን ወይ የሚለው ነው። ፈተናው ባለፈ በማግስቱ ገና ሳልቀመጥ «እሺ፣ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ምስጢር መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ የነገርኳትን ነገር በልቧ መያዝ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያሟላል። ጓደኛ የሚያሰኘው ሁለተኛው ነው።

ቀጥሎ የተናገረችው እሷ ናት። አንድ ማታ ከሰርቪስ ወርደን ቡና ልንጠጣ መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የምትሸጥ ሴት ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ልጇን እናቷ እያሳደጉላት እንደሆነ ነገረችኝ። ልጁ በስልክ ሲያወራ አያቱን «እማዬ» እያለ እሷን በስሟ ይጠራታል። ይህን ስትናገር ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ረከቦቱ ነበር የምታየው።

እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ፈተና አለ። ሰው ሲከፈትልን ወዲያው የራሳችንን እናወጣለን፤ «የእኔማ ቢነገር» እንላለን። በጎ ሐሳብ ነው፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ልንነግራት ነው። ግን ወሬው ከእሷ ወደ እኛ ዞረ ማለት ነው። የእኔ ፍቺ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ማታ ግን ስለ ልጁ ብቻ ጠየቅኳት። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ መቼ እንደምታየው፣ ስትመለስ አብሯት ለመምጣት ያለቅስ እንደሆነ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ረጅም መልስ ሰጠችኝ።

ነገር ግን ዝም ብዬ መቅረትም አልችልም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሱዛን ስፕሬቸርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተነጋግረዋል። ገሚሶቹ እየተቀባበሉ ተጠያየቁ፤ በሌሎቹ ጥንዶች ግን አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ብቻ ነበር የሚናገረው። እየተቀባበሉ ያወሩት ይበልጥ ተዋደዱ። ሁልጊዜ አድማጭ የሆነ ሰው ጥሩ ሰው ይመስላል፤ የተናገረው ሰው ግን ሲያድር ራቁቱን እንደቀረ ይሰማዋል። ስለዚህ የእኔ ተራ መምጣቱን አውቄያለሁ። ያዘገየሁት በቀናት እንጂ በወራት አይደለም።

በዚያው ሳምንት ከሰርቪስ ወርደን ወደ ሰፈር በእግር ስንሄድ ነገርኳት። ቦታውን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ሰርቪስ ውስጥ ጆሮ ብዙ ነው። ቡና ቤት ውስጥ ፊት ለፊት መቀመጥ ደግሞ ፊትን ያስነብባል። ጎን ለጎን ሲራመዱ ግን ማልቀስም ዝም ማለትም ይቻላል። መንገዱም ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ወሬው ቤት ስንደርስ ያልቃል። «ያኔ ብቻዬን ነኝ አልኩሽ እንጂ ከዚያ በፊት አግብቼ ነበር። ተፋታን። ከዚያ እናቴ ቤት ተመልሼ ስኖር ከፍቺው በላይ የከበደኝ ጎረቤት እንዴት ሰላም እንደሚለኝ ነበር» አልኳት። ይኸው ነው።

ያልነገርኳት ነገር ከነገርኳት ይበልጣል። የቀድሞ ባለቤቴ ምን ዓይነት ችግር እንደነበረበት አልተናገርኩም። እሱ የእሱ ገመና ነው። ወንድሜ በመሐል የገባበትን ጠብም አላነሳሁም። ይህን መለየት ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የእኛ ታሪክ ብቻውን የእኛ አይደለም፤ የእናት፣ የወንድም፣ የባል ነገር ተጠላልፎበታል። እኔ የምጠቀመው መለያ ቀላል ነው። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ከጎናችን ቢቆም ይህን ዓረፍተ ነገር እናገረዋለሁ? ስለ ራሴ ስሜት የሆነውን እናገረዋለሁ። ስለ እሱ ጥፋት የሆነውን ግን እተወዋለሁ።

ሌላም መለኪያ አለኝ። ነገሩን ስናገር ከሰሚዬ ምን እፈልጋለሁ? በተፋታሁ ሰሞን ቢሆን ኖሮ እንድታጽናናኝ፣ እንድትፈርድልኝ፣ ማታ ማታ ስልኬን እንድታነሳ እፈልግ ነበር። ያ ሸክም ለቆየ ወዳጅ ወይም ለእህት ነው፤ ሲብስም ለባለሙያ። ለአዲስ ጓደኛ የምነግረው «አይዞሽ» ባትለኝ እንኳ ቤቴ ገብቼ እራቴን የምበላበትን ነገር ነው።

ፍጥነቱ ሲበዛ ምን እንደሚመስል ያየሁት በሌላ ባልደረባዬ ነው። ገና አንድ ቀን ምሳ አብረን በበላን ባሏ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ስልኩ ላይ ምን እንዳገኘች ሁሉ ነገረችኝ። አዳመጥኳት። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ጠረጴዛ መምረጥ ጀመረች። ስለጠላችኝ አይደለም፤ ባየችኝ ቁጥር የተናገረችው ትዝ ስለሚላት ነው። እኔም ነገሩን ራሴ አላነሳሁትም፤ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ማለት ቁስሉን መንካት ነበር። ስለ ፋይል ጠየቅኳት፣ ብርቱካን ላጥኩና ግማሹን ሰጠኋት። ቀስ በቀስ ተመለሰች፤ አሁን ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት እናወራለን። ከባዱን ነገር ዳግም ካነሳች በራሷ ጊዜ ታነሳዋለች።

በአፍ የተነገረ ነገር ሲበዛ ምልክቱ ቶሎ ይታያል። ሰሚው ምክር ለመስጠት ይቸኩላል፣ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብሎ ወሬ ይቀይራል፣ ስልኩን ያያል። ያኔ ማቆም ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ግን ይህ ምልክት የለም። ማታ ብቸኝነት ሲጫነኝ ረጅም መልእክት መጻፍ ያምረኛል፤ የሰሚዬን ፊት ስለማላይ ልኩን አላውቅም። ጽሑፍ ደግሞ ፎርዋርድ ይደረጋል፣ ስክሪንሾት ይነሳል። ስለዚህ በጽሑፍ የምልከው «ነገ የምነግርሽ አለኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ሲነጋ አንዳንዱ ነገር መነገር እንኳ አያስፈልገውም።

እስካሁን የማንነጋገርበት ነገር አለ። ደመወዛችንን አንጠያየቅም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ነን፤ የአንዳችን መብለጥ ማንንም አይጠቅምም። ይህ ቅርበታችንን አላጎደለውም። የእሷን ነገር የምይዘው ደግሞ የእኔን እንድትይዝልኝ በምፈልገው ልክ ነው። በቅርቡ አንዷ ባልደረባችን «ያቺ ጓደኛሽ ልጅ አላት ይባላል፣ እውነት ነው?» አለችኝ። አዎም አይደለምም አላልኩም። «ራሷ አለች አይደል፣ ለምን አትጠይቂያትም?» አልኳት። ማታ ሰርቪስ ውስጥ ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ ጥያቄው ወደ እሷ እንደሚመጣ ቀድማ ብታውቅ ይሻላል ብዬ ነው።